ብዙም ለማላውቃቸው ባልደረባ ምን ብዬ ልሰናበታቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ይሆነኛል። ከፋይናንስ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴት፣ ወ/ሮ እገሊት ልበላቸው፣ ሊለቁ ነው። ትናንት ለሁላችንም በእንግሊዝኛ የስንብት ኢሜይል ላኩ። መጨረሻው ላይ ብቻ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የምትል የአማርኛ መስመር አለች። አርብ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። እኔ ከሳቸው ጋር የሠራሁት ሥራ የለም። የመስክ ሂሳብ ሳወራርድ ሁለት ሦስቴ ቢሯቸው ገብቻለሁ፣ በቃ። ሰው ሁሉ «እናታችን» እያለ እየመለሰላቸው ነው። ዝም ብል ኩራት ይመስልብኛል። እንደነሱ ብጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። የጀመርኩት ይኸውልዎት፦

«ውድ ወ/ሮ እገሊት፣ መልቀቅዎን ስሰማ እጅግ አዘንኩ። ለእኔ እንደ እናት ነበሩ። ያለ እርስዎ ቢሮው ባዶ ነው። ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይቅርታ። በአዲሱ ሥራዎ ስኬትን እመኝልዎታለሁ።»

ምን ላድርገው?

ታናሽ እህትዎ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ጻፊላቸው። ይሄን ግን አትላኪው።

መጀመሪያ ኢሜይሉን የሚያነቡትን ሰው እናስብ። የሚለቅ ሠራተኛ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ምን እንደሚያደርግ አይተሻል። የክሊራንስ ወረቀት ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ንብረት ክፍል ላፕቶፑን ይረከባል፣ አይቲ ይፈርማል፣ የሰው ኃይል አስተዳደር የመጨረሻዋን ፊርማ ይዞ ይጠብቃል። ፋይናንስ ላይ የቆየ ሰው ደግሞ በዚህ ላይ የፋይል፣ የቁልፍና ያልተዘጋ ሂሳብ ርክክብ አለበት። ወ/ሮ እገሊት ኢሜይልሽን የሚከፍቱት በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ምናልባትም ኮሪደር ላይ ቆመው፣ በስልካቸው። ስምሽን ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣባቸው ጥያቄ «ይቺ ደግሞ የትኛዋ ናት?» የሚል ነው።

ጥሩ የስንብት ኢሜይል በመጀመሪያዋ ወይም በሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ለዚህ ጥያቄ ይመልሳል። ያንቺ ጅምር እስከ መጨረሻው ድረስ አይመልስም። አምስቱንም ዓረፍተ ነገር ማንም ለማንም ሊጽፈው ይችላል። እኔ በሠራሁበት አንድ ቢሮ እንዲህ ያለ ኢሜይል ከአንዱ ተሰናባች ወደሌላው ሲገለበጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን ለአንዲት ሴት «አቶ» ተብሎ ደረሳት። «አቶ» የተባለው ከአራት ወር በፊት የለቀቀ ሹፌር ነው። አሁንም እዚያ ቢሮ ይሳቅበታል።

አሁን ስለ «እናታችን»። እንዲህ እያሉ የሚመልሱት ሰዎች እየዋሹ አይመስለኝም። ለዓመታት አብረዋቸው ምሳ የበሉ ናቸው። ሲታመሙ ጠይቀዋቸዋል፣ ለቅሶ ደርሰዋቸዋል። ደግሞ መልቀቃቸውን ካንቺ በፊት ነው የሰሙት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ እሳቸው በፈቃዳቸው ለቀው ከሆነ፣ የቅርብ ሰዎቻቸው ነገሩን አንድ ወር ሙሉ ሲያወሩት ሰንብተዋል ማለት ነው። ለሁሉም ሠራተኛ የሚላከው ኢሜይል የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። አንቺ የሰማሽው በዚያ ነው። ይሄ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ያለሽበት ቦታ ያ ነው። ከዚያ ቦታ ሆነሽ «ስሰማ እጅግ አዘንኩ» ስትዪ ግን ሊያቀርብሽ የታሰበው ቃል ርቀቱን ያሳብቅብሻል። ሁለት ሦስቴ እንደተገናኛችሁ እሳቸውም ያውቃሉ። ሂሳብ ሠራተኛ ናቸው፣ ይቆጥራሉ።

ስለዚህ ቃናውን ስትመርጪ «ሞቅ ላድርገው ወይስ ቀዝቀዝ?» ብለሽ አትነሺ። «ከእኚህ ሴት ጋር ያለኝ እውነተኛ ነገር ምንድነው?» ብለሽ ተነሺ። ቃናው ከዚያ ራሱ ይወጣል።

አንቺ ደግሞ ያለሽን ነገር «በቃ» ብለሽ ዘጋሽው። የሚጻፈው እኮ እሱ ነው! ሂሳብ ለማወራረድ የገባሽበትን ቀን መልሰሽ አስቢው። ከመስክ ተመልሰሽ፣ የወሰድሽውን ቅድሚያ ክፍያ በደረሰኝ ልትዘጊ ነው የሄድሽው። እዚያ ክፍል ምን እንደሚያጋጥም ማንም መስክ የወጣ ሰው ያውቀዋል። የድርጅቱ ስም ወይም ቲን ቁጥሩ ያልተጻፈበት ደረሰኝ ይገኛል። ከገጠር ከተማ ማረፊያ የመጣ፣ ማህተሙ የማይነበብ ወረቀት ይኖራል። የውሎ አበሉ ቀን ከጉዞ ፈቃዱ ጋር አንድ ቀን ይጣላል። አንዳንዱ የፋይናንስ ሰው ወረቀቱን መልሶ ገፍቶ «አስተካክለሽ ነይ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ወንበር ስቦ የትኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚሞላ ያሳያል። ወ/ሮ እገሊት የትኛዋ ነበሩ? ሁለተኛዋ ከሆኑ ኢሜይልሽ ተገኘ። የመጀመሪያዋም ቢሆኑ ተስፋ አትቁረጪ። «ያን ቀን ከመለሱኝ በኋላ ደረሰኜን ሳላይ ከሆቴል ወጥቼ አላውቅም» የሚለው እውነት ከሆነ እሱም ምስጋና ነው። ፈገግ ያሰኛቸዋልም።

ያንቺ ጉዳይ ባይሆንም ያየሽው ነገር ይበቃል። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በራቸው ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰምተሽ የማታውቂ ከሆነ፣ ያንን ጻፊ። ያላየሽውን ግን ከሌሎች ኢሜይል አትውሰጂ። «ለሁሉም ሰው መካሪ እንደሆኑ ሰምቻለሁ» ማለት «እኔን አልመከሩኝም» እንደማለት ሆኖ ሊሰማ ይችላል።

ከጅምርሽ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚስታቸው እነሱን ነው።

አንደኛው «በአዲሱ ሥራዎ» የሚለው ነው። አዲስ ሥራ እንዳገኙ ነግረውሻል? የላኩት ኢሜይል ላይ ካልተጻፈ አታውቂም። እርዳታ ድርጅት ውስጥ ሰው የሚለቀው በብዙ ምክንያት ነው። ፕሮጀክቱ ያልቅና ኮንትራቱ ሳይታደስ ይቀራል። የበጀት ቅነሳ ይመጣል። የታመመ ቤተሰብ ይኖራል። ጡረታም አለ። ኮንትራታቸው ላልታደሰላቸው ሴት «በአዲሱ ሥራዎ ስኬት» ብሎ መጻፍ ሳያውቁ ቁስል መንካት ነው። ለጡረተኛ ደግሞ ያስቃል። ምክንያቱን ለማጣራት ከቢሮ ቢሮ መዞርም አያስፈልግሽም። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚሠራ ምኞት አለ፦ «ቀጣዩ ጊዜ የሰላምና የጤና ይሁንልዎ።» ኢሜይላቸው ላይ ወዴት እንደሚሄዱ ራሳቸው ከጻፉ ብቻ እሱን ጥቀሺ። «ለምን ለቀቁ?» የሚለውን ግን በምንም መልኩ አታስገቢው፤ በቀልድም በለሆሳስም። በቅርብ የማያውቁት ሰው ሲጠይቅ ወሬ ፍለጋ ይመስላል።

ሁለተኛው ይቅርታው ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ጋ ሽኝት ላይ ተሰናባቹ ተነስቶ «ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ» ማለቱ የተለመደ ነው፣ ያምራልም። እሱ ግን የሚያምረው ሄያጅ ሲናገረው፣ ለዓመታት አብረውት ለኖሩ ሰዎች ነው። አንቺ ቀሪ ነሽ፣ ደግሞ ለመቀያየም የሚያበቃ ጊዜ አልነበራችሁም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ድንገት ሲመጣ «ምን አድርጋኝ ነው?» ብለው ማሰብ ይጀምራሉ። ምናልባትም ያኔ ያወዛገባችሁን ደረሰኝ ያስታውሳሉ። እውነትም የተጋጫችሁበት ነገር ካለ ኢሜይል ቦታው አይደለም። ሁለት ፎቅ ወጥተሽ በአካል ንገሪያቸው።

«ቢሮው ባዶ ነው» የሚለውን አውጪው፣ ብዙ አያከራክርም። «ውድ» የሚለውንም ባትጀምሪበት እመርጣለሁ። የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ በማትቀርቢው ትልቅ ሰው ስም ፊት ሲቆም የሠርግ ካርድ ይመስላል። «የተከበሩ» ደግሞ በሌላ በኩል ይከፋል፣ ፓርላማ ያስገባቸዋል። «ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት» ይበቃል። ቢሯቸው በር ላይ የምትዪው እሱን አይደል?

ወደ አንቱታው እንምጣ። አንቺ በ«እርስዎ» ጽፈሻል፣ ጥሩ ነው። ግን ይሄን የምለው ትልቅ ሰው ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ደንቡ ቀላል ነው፦ በአካል ስታናግሪያቸው የተጠቀምሽበትን ጠብቂ። በእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ከአለቃ እስከ ጽዳት ሁሉም «አንቺ፣ አንተ» የሚባባልበት ቢሮ አለ። ቢሯቸው ስትገቢ «አንቺ» ስትያቸው ከነበረና እሳቸውም ከለመዱት፣ በስንብት ቀን ድንገት «እርስዎ» ማለት በር መዝጋት ይመስላል። በተቃራኒው «እርስዎ» ስትያቸው ኖረሽ፣ ለማቀራረብ ብለሽ «ናፍቆታችን ነሽ» ብትዪ ድፍረት ነው። ጭራሽ አውርተሽው ለማታውቂው ትልቅ ሰው «እርስዎ» ሁልጊዜ ደህና ነው። ከመላክሽ በፊት ደግሞ ግሶቹን አንድ በአንድ እያቸው። በስልክ ሲጻፍ «ስለረዱኝ አመሰግናለሁ» ተብሎ ተጀምሮ «መልካሙ ሁሉ ይግጠምሽ» ተብሎ የሚዘጋ ኢሜይል ብዙ አይቻለሁ። አንባቢዋ የሚቀርላት ያቺ የተንሸራተተች አንድ ፊደል ናት።

በየትኛው ቋንቋ የሚለውን አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳያሳስብሽ አልቀረም። እሳቸው በእንግሊዝኛ የጻፉት የውጭ ዜጋ ባልደረቦችም ስላሉ ይመስለኛል። ብዙ ሰው እንግሊዝኛን የሚመርጠው ከዚህ ከአንቱታ ጣጣ ስለሚያድነው ነው፣ አልፈርድበትም። በእንግሊዝኛ ብትመልሺም ነውር የለውም። ግን መጨረሻ ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ጥለዋል፣ እናንተም ቢሮ ውስጥ ያወራችሁት በአማርኛ ነው። ካንቺ ጋር የነበራቸው ትንሽ ነገር በአማርኛ ከሆነ፣ ስንብቱም በአማርኛ ቢሆን ደስ ይላል። የግዕዝ ኪቦርድ ስልክሽ ላይ ጫኚ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ለቴሌግራም ጨዋታ ይሆናል፤ ለእኚህ ሴት ግን አይሆንም፣ ሲያነቡት ይደክማቸዋል።

ምርቃትም አለ። እሳቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው በራሳቸው ስለጀመሩ «እግዚአብሔር ይባርክዎ» ብትዪ ከእምነትሽ ጋር እስከሄደ ድረስ ችግር የለውም። የማታውቂውን ሰው ሃይማኖት ከስሙ ገምተሽ ምርቃት መምረጥ ግን አደጋ አለው። ስም ያታልላል። «ሰላምና ጤና» ለሁሉም ይሆናል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። ወንበር ስበው ያሳዩሽ ሴት ናቸው ብዬ ነው የጻፍኩት። አንቺ እውነተኛውን ተኪበት፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣

ከፕሮግራም ክፍል ነኝ። አምና ከመጀመሪያ የመስክ ጉዞዬ ስመለስ ሂሳቤ አልገጥም ብሎኝ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ሥራዎን አቁመው ቅጹን መስመር በመስመር አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ሂሳቤ ተመልሶብኝ አያውቅም። በደንብ ሳላመሰግንዎት ስለቀረሁ አሁን ላመስግንዎት ብዬ ነው።

ቀጣዩ ጊዜ የሰላምና የጤና ይሁንልዎ።»

ከሥር ሙሉ ስምሽንና ክፍልሽን ጻፊ። የመጀመሪያ ስምሽ ብቻ አይበቃም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ሕይወት፣ አራት ትዕግሥት ሊኖር ይችላል።

አጭር ነው፣ አይደል? መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው። ለሁለት ሦስት ግንኙነት ከአንድ አንቀጽ በላይ የሚሞላ ነገር የለም። አንቀጹ ካለቀ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ማሟያ ነው። ደግሞ ተመልከቺ፣ «አዘንኩ» የሚል ቃል የለበትም፣ ግን ቀዝቃዛ አይደለም። ሙቀቱ ያለው «ሥራዎን አቁመው» የሚለው ላይ ነው። ይህን ሌላ ሰው ሊጽፈው አይችልም።

ምንም ብታስቢ አንድም ነገር ባይመጣልሽስ? ይሄም ያጋጥማል። አሳንሰር ውስጥ ሰላም ከማለት ያለፈ ነገር የሌለሽ ሰው ከሆነ፣ ያንኑ መናገር ትችያለሽ፦ «አብረን የመሥራት ዕድል አልገጠመንም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ሰላምታዎ ደስ ይለኝ ነበር። ሰላምና ጤና ይሁንልዎ።» በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። «በደንብ ባውቅዎት ደስ ባለኝ» የምትል ቁጭት ግን አትጨምሪ። ሕንጻው አንድ ነው፣ ዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ነበረሽ። እሳቸውም ያንን ያስቡታል። እንኳን አሳንሰር፣ ፊታቸውንም የማታስታውሺው ሰው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ባትጽፊ ማንም አይታዘብሽም። ለሁሉም የተላከ ኢሜይል ከሁሉም መልስ አይጠብቅም።

የእድሜ እኩያሽ ወይም ታናሽሽ ሲለቅ ነገሩ ይቀልላል። «አንተ» ትያለሽ፣ ቀልድም ታስገቢያለሽ፣ አንድ መስመር ቴሌግራም ላይ ጽፈሽ ትገላገያለሽ። እዚያ ላይ አልቆይም።

አላላኩ ላይ ሦስት ነገር ልብ በይ። ሪፕላይ ኦል አትጫኚ። ለሁሉም የሚታይ መልስ ውድድር ይሆናል፤ «እናታችን» ካለው ቀጥሎ የሚመጣው ያንቺ አንቀጽ ሰው ፊት ትንሽ ይመስላል፣ ለብቻቸው ሲደርሳቸው ግን አይመስልም። ከመላክሽ በፊት አድራሻው ላይ የሳቸው ስም ብቻ መኖሩን እዪ። ቀኑን ደግሞ አርብ ከሰዓት አታድርጊው። የሚለቅ ሰው የኢሜይል አካውንት ብዙ ቦታ በመጨረሻው ቀን፣ አንዳንዴም ክሊራንሱ ላይ አይቲ በፈረመበት ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የተላከው ወይ ተመልሶ ይመጣል፣ ወይ ይባስ ብሎ ለተተኪያቸው ወይም ለአለቃቸው ይደርሳል። ሐሙስ ጠዋት ጥሩ ነው። ርዕሱን አዲስ አትፍጠሪለት፤ የላኩት ላይ ከመለስሽ በቂ ነው።

ሽኝት ካለ መዋጮሽን ክፈዪ፣ ሂጂም። እዚያ ስትገናኙ «ኢሜይል ልኬልዎት ነበር፣ ደረሰዎት?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። ካነበቡት ራሳቸው ያነሱታል። እስከዚያው ሰላም በያቸውና ኬኩን ብዪ።

መልስ ከጻፉልሽና የግል ስልካቸውን ካስቀመጡ፣ መዝግበሽ «አመሰግናለሁ፣ መዝግቤዋለሁ» ብለሽ ዝጊው። ለአዲስ ዓመት አንድ የእንኳን አደረሰዎ መልእክት ብትልኪ አይጎዳም። በየሳምንቱ መደወል ግን አይጠበቅብሽም።